መኪናዋን በስንት ገዛሃት ሳይሆን በስንት ታኖራታለህ?

መካነ ኢየሱስ ውስጥ አንድ ሰው ያገለገለች ቪትዝ ወይም ኮሮላ ይዞ ሲገባ፣ ከ«እንኳን ደስ ያለህ» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «በስንት ገዛሃት?» ገዢው ቁጥሩን ይናገራል። ጠያቂው ያፏጫል ወይም «በደህና ዋጋ ነው» ይላል። ወሬው እዚያው ያበቃል። በወር ስንት ትበላለች፣ በዓመት ስንት ቀን ትሠራለች፣ ያ ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢውል ምን ይወልድ ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰው የሚከስረው ደግሞ በተጠየቀው ቁጥር ሳይሆን ባልተጠየቀው ነው።

ይህ ጽሑፍ መኪና አይገዛ አይልም። የሚለው ሌላ ነው። በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ከተሞች ከሚገዙት ያገለገሉ የቤት መኪኖች ብዙዎቹ በሒሳብ የተገዙ አይደሉም። ገዢዎቹም ከባጃጅና ከሚኒባስ ጋር ሲያነጻጽሩ የመኪናዋን ወጪ ግማሹን ብቻ ነው የሚቆጥሩት። የተረሳው ግማሽ ደግሞ ሱቅ የሚያዘጋ ግማሽ ነው።

መጀመሪያ ዋጋው እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ ይታወስ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ጥር ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀና መለዋወጫው ሁሉ አብሮ ተሰቀለ። ውጤቱ ያልተለመደ ነው። በሌላው ዓለም መኪና ከሱቅ በወጣች ማግሥት ዋጋዋ መውረድ ይጀምራል። ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመኪና ባለቤትነትን ወጪ እያሰላ የሚያወጣው የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር ከወጪዎች ሁሉ ትልቁ ይህ የዋጋ መውረድ እንደ ሆነ ደጋግሞ ያሳያል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሃያ ዓመት የነዳች ቪትዝ ከዓምናው በበለጠ ብር ትሸጣለች። «መኪና ንብረት ነው፣ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» የሚለው እምነት የተወለደው ከዚህ ነው። ወጪዋን ከማስላት ሰውን ያዘናጋውም ይኸው እምነት ነው።

አሁን አንድ ሰው ይታሰብ። መካነ ኢየሱስ ላይ የሸቀጥ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። በወር ሁለት ጊዜ ዕቃ ለማምጣት ባሕር ዳር ይወርዳል። በከተማው ውስጥ ቤት፣ ሱቅና ገበያ ይመላለሳል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ ድንገተኛ ጉዳይ ይገጥመዋል፤ የታመመ ሰው ወይም ለቅሶ። ባለ አንድ ሺህ ሲሲ ቪትዝ በ1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ገዛ ይባል። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት የተያዙ ናቸው። አንባቢ በራሱ ቁጥር ሊተካቸው ይችላል፤ ቢተካቸውም የነገሩ ቅርጽ ብዙም አይለወጥም።

የባሕር ዳሩ ጉዞ ደርሶ መልስ በግምት 200 ኪሎ ሜትር ይያዝ፣ የከተማው ውስጥ ደግሞ በወር ሌላ 200። ጠቅላላው በወር 600፣ በዓመት 7,200 ኪሎ ሜትር ነው።

ሁሉም የሚያውቀው ወጪ ነዳጅ ነው። እርሱም ቢሆን በትክክል አይቆጠርም። ደላላው «ይቺ በሊትር አሥራ ስምንት ትሄዳለች» ይላል። ያ ቁጥር በሜዳ ላይ፣ በአንድ ሰው ጭነት፣ በባሕር ጠለል አካባቢ የሚገኝ ነው። መካነ ኢየሱስ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ከአካባቢዋ ከፍ ብሎ የሚታየው ጉናም ከ4,000 ያልፋል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳበታልና። ስለዚህ ይህቺ ትንሽ ሞተር እዚህ የምትሠራው ከአምስት እጅ አንዱ እጅ በላይ ተቀንሶባት ነው። አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ዕቃ ተጭኖባት ዳገት ስትወጣ በሁለተኛ ማርሽ ትጮኻለች፤ ነዳጁም በዚያው ልክ ይፈሳል። በሊትር አሥር ኪሎ ሜትር ቢያዝ ከእውነቱ አይርቅም።

የነዳጁን ዋጋ ደግሞ ሁሉም ያስታውሳል። በ2014 ክረምት የድጎማ ማሻሻያው ሲጀመር ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፣ ከዚያም በኋላ ጨመረ። ያኔ የታለመ ድጎማ ተብሎ በቴሌብር የተሰጠው ለሕዝብ ማመላለሻ ነበር። የቤት መኪና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከዚያ ድጎማ ውጭ ሆነ። ለስሌቱ ሊትሩ በ120 ብር ይያዝ። በወር 60 ሊትር 7,200 ብር፣ በዓመት 86,400 ብር ይሆናል። ይህ ማደያ ላይ ሲገኝ ነው። ማደያ ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠው ዋጋው ሌላ ነው፤ ከምን ጋር እንደ ተቀላቀለም ሻጩ ብቻ ያውቃል።

ባለመኪናው ቆጥሮ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። የቀረውን «ሲበላሽ ይታያል» ይለዋል። ሲታይ ግን እንዲህ ነው።

በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ፊልትሮ ይለወጣል፤ በዓመት 12,000 ብር ገደማ። አራት ጎማ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ይቀየራል፤ የዓመት ድርሻው 11,000። የባትሪ ድርሻ 4,000። ፍሬን ሸራ፣ ሾክ፣ ጎሚኒና ኩሽኔታ ኮረኮንች የሚበላቸው ናቸው፤ 20,000። በመጨረሻም ማንም የማያስቀምጠው ገንዘብ አለ፤ ለትልቁ ብልሽት የሚቀመጠው። ራዲያተሯ አንድ ጊዜ አፍልቶ የቴስታታ ጋርኔሲዮን ከተቃጠለ ወይም ካምቢዮ ካለቀ፣ ወጪው በአንድ ቀን መቶ ሺህ ሊያልፍ ይችላል። በየዓመቱ 25,000 ለዚያ ቀን መያዝ ፍርሃት አይባልም። ሃያ ዓመት ያለፋት መኪና ያንን ቀን ማምጣቷ አይቀርምና፤ ጥያቄው መቼ ነው የሚል ብቻ ነው። ድምሩ 72,000 ብር ነው።

ቀጥሎ የወረቀቱ ወጪ አለ። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው። የራስን መኪና የሚሸፍነው ሙሉ መድን ከተጨመረ አብረው 40,000 ይያዙ። ለዓመታዊ ምርመራና ቦሎ 5,000፣ ለእጥበትና ለጥበቃ በዓመት 6,000። ስለ መድን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። መደበኛው የሙሉ መድን ውል በጦርነትና በሕዝብ ሁከት የሚደርስ ጉዳትን አይሸፍንም፤ የሁከቱ ጉዳት የሚሸፈነው ተጨማሪ ተከፍሎ ሲገዛ ነው። በዚህ ዘመን በዚህ አካባቢ መኪና ለሚነዳ ሰው ይህ በትንሽ ፊደል የተጻፈው አንቀጽ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል።

ሁሉም ሲደመር ከኪስ የሚወጣው በዓመት 209,400 ብር፣ በወር 17,450 ብር ነው። ነጋዴው ግን በቃሉ የያዘው 7,200ን ነው። ከግማሽ በላዩን አልቆጠረውም።

አሁን ያው ሰው ያለ መኪና ይታይ። ወደ ባሕር ዳር ሚኒባስ በአንድ ጉዞ 400 ብር ይከፍላል ይባል፤ ረዳቱ ከታሪፍ በላይ የሚጨምረውም ገብቶበት። ደርሶ መልስ ሁለት ጊዜ፣ በወር 1,600። ባሕር ዳር ውስጥ ለባጃጅ በየጉዞው 500፣ በወር 1,000። ለዕቃው ጭነት በየጉዞው 600፣ በወር 1,200። በመካነ ኢየሱስ ውስጥ በቀን አራት ጊዜ ባጃጅ ቢሳፈር፣ በሃያ ብር ሒሳብ ለሃያ ስድስት ቀን 2,080። እስካሁን 5,880 ነው። ለድንገተኛው ጉዳይ ደግሞ በዓመት ሦስት ጊዜ መኪና በ10,000 ብር ኮንትራት ይያዝ፤ በወር 2,500 ይደርሰዋል። ጠቅላላው በወር 8,380፣ በዓመት 100,560 ብር።

ከግማሽ በታች ማለት ነው። እስካሁን ደግሞ አንድ ሚሊዮን ተኩሉ ብር አልተነካም። ያ ገንዘብ ባንክ በጊዜ ገደብ ተቀምጦ አሥር በመቶ ብቻ ቢያመጣ በዓመት 150,000 ብር ነው። ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሆኖ በዓመት ብዙ ጊዜ ቢገላበጥ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ይህ ሲጨመር የመኪናዋ ወጪ 359,400 ይደርሳል፤ በኪሎ ሜትር 50 ብር መሆኑ ነው። በባጃጅ ሃያ ብር ተጨመረብኝ ብሎ የሚጣላ ሰው ከቤቱ እስከ ሱቁ በነዳ ቁጥር ከዚያ በላይ እያወጣ ነው፤ የሚቀበለውን ሰው ስለማያየው ግን አይጣላም።

እዚህ ላይ የመኪና ወዳጆች ሦስት መልስ አላቸው። ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው «ዋጋዋ ይጨምራል» ነው። ይሁን፣ ሙሉ በሙሉ ይፈቀድላቸው። መኪናዋ በዓመት አሥር በመቶ ጨመረች ይባልና የገንዘቡ ወጪ ይሰረዝ። የሚቀረው 209,400 በ100,560 ነው፤ አሁንም እጥፍ። ጭማሪውም ቢሆን የሚገኘው መኪናዋ ስትሸጥ ነው። የሸጠ ሰው መልሶ ሊገዛ ሲሄድ ሌላይቱም እኩል ጨምራ ይጠብቀዋል፤ ልዩነቱን ደላላውና የስም ማዛወሪያው ይካፈሉታል። ሸራ ለብሳ ጓሮ የቆመችም መኪና እኩል ጨምራለች። ስለዚህ ጭማሪው የመንዳት ትርፍ አይደለም። እንዲያውም እያንዳንዱ ዳገትና እያንዳንዱ ኮረኮንች ከዚያ ጭማሪ ላይ ይቆርሳል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሀብት ነው።

ሁለተኛው «ቤተሰብ አለኝ፣ ሦስት ሰው ስንሆን መኪናዬ ትረክሳለች» የሚለው ነው። ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳምነውም የሚያታልለውም ይህ ነው። ለባሕር ዳር ደርሶ መልስ የሚፈጀው ነዳጅ 2,400 ብር ነው። ሦስት ሰው በሚኒባስ ደርሶ መልስም 2,400 ነው። ባለመኪናው ይህን ያይና «ከሦስት ሰው በላይ ከሆንን አተረፍን» ይላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከ12 ብር ነዳጅ ሌላ 10 ብር ያህል ዘይት፣ ጎማ፣ ሾክና ሞተር ይበላል። 72,000 ለ7,200 ኪሎ ሜትር ሲካፈል የሚወጣው ይኸው ነው። ስለዚህ የጉዞው እውነተኛ ዋጋ 4,400 ብር ነው። ያንን ለመመለስ አምስት ሰው ተኩል ያስፈልጋል፤ ቪትዟ ሹፌሩን ጨምራ የምትይዘው አምስት ነው። መድኑና ቦሎው ገና አልገቡም። በነዳጅ ብቻ የሚያሰላ ሰው በየጉዞው ያተረፈ እየመሰለው ሞተሩን እየሸጠ ይበላል።

አንዳንዱ ይህን ሲረዳ መንገድ ላይ ሰው እየጫነ ማካካስ ይጀምራል። የቤት ሰሌዳ ያላት ኮድ 2 መኪና በክፍያ ሰው እንድትጭን አልተፈቀደላትም። አደጋ የደረሰ ቀን ደግሞ መድን ሰጪው ውሉን አውጥቶ «ለግል አገልግሎት ነው የተዋዋልነው» የማለት መብት አለው። ሁለት መቶ ብር የከፈለ ተሳፋሪ የሚሊዮን ብር መኪናን መድን ሊያሳጣ ይችላል።

ሦስተኛው መልስ ከባዱ ነው፦ «ሌሊት ምጥ ቢመጣ፣ ልጅ ቢታመምስ?» በዚህ ማንም ሊያላግጥ አይችልም። ሒሳቡ ውስጥ ሦስት ኮንትራት የገባውም ለዚህ ነው፤ ሦስት ሳይሆን ስምንት ቢሆንም ያለ መኪናው ኑሮ አሁንም ይረክሳል። ነገር ግን ያች ሌሊት የምትፈልገው ነዳጅ ያላት፣ ባትሪዋ ያልሞተ፣ ጎማዋ የማይተነፍስ መኪና ነው። ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን ታንኳ ባዶ የሆነችው የግል መኪና ከደጅ ብትቆምም አትደርስም። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ሰው ሌላ ነገር ተምሯል። መንገድ ሲዘጋ ለሁሉም ይዘጋል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ መንገድ ሲዘጋ የሚኒባስ ተሳፋሪ ምንም አይከፍልም፤ ባለመኪናው ግን መድኑን፣ ቦሎውን፣ የሞተውን ባትሪ ይከፍላል። በዚህ ላይ ሰው በገንዘብ በሚታገትበት ዘመን የራስ መኪና መንዳት «ገንዘብ አለኝ» ብሎ ማወጅ ሆኗል። ይህን ወጪ የትኛውም ደረሰኝ አያሳየውም።

እንግዲህ መኪና ለማን ነው? መልሱ በቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ነዱትም አልነዱትም የሚከፈለው መድን፣ ቦሎ፣ ጥበቃና እጥበት 51,000 ነው፤ የተያዘው ገንዘብ ሲጨመር 201,000። አንድ ኮንትራት 10,000 ሲሆን ያንኑ ጉዞ በራስ መኪና መሄድ 4,400 ያስወጣል። በየጉዞው የሚተርፈው 5,600 ነው። 201,000ን ለመመለስ በዓመት 36 ኮንትራት፣ በወር ሦስት መሆኑ ነው። ዋጋዋ ይጨምራል የሚለው ሙሉ በሙሉ ቢፈቀድ እንኳ ከዘጠኝ በላይ ኮንትራት ይጠይቃል። ሥራው በየሳምንቱ ሚኒባስ ወደማይደርስበት ቀበሌ የሚወስደው፣ አለዚያ በወር ሦስት ጊዜ ሙሉ መኪና የሚከራይ ሰው ይግዛ፤ ያዋጣዋል። በወር ሁለት ጊዜ ለብቻው ባሕር ዳር የሚወርድ ሰው ግን የሚገዛው መጓጓዣ አይደለም። የሚገዛው ክብር ነው። ክብር መግዛት መብት ነው፤ ነገር ግን በሱቁ መዝገብ «ትራንስፖርት» ተብሎ አይጻፍ።

የዚህ ነገር ጉዳት በገዢው ቤት ብቻ አይቀርም። ዕቁብ የደረሰው፣ መሬት የሸጠ፣ ከሱቁ ዕቃ ያጎደለ ሰው መኪና ሲገዛ ከመናኸሪያው ይወጣል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ በከተማዋ ቃሉ የሚሰማ ነው፤ ነጋዴ፣ ባለሙያ፣ የሥራ ኃላፊ። እርሱ ሲወጣ በትርፍ የታጨቀው ሚኒባስ፣ ያልተለጠፈው ታሪፍ፣ «ካልፈለግክ ውረድ» የሚለው ረዳት የሚቀሩት ለገበሬው፣ ለተማሪውና ለበሽተኛው ነው። እነርሱ ቢጮኹ የሚሰማቸው የለም። ስምሪት የሚሰጠው ክፍልም ማንም ስላልጠየቀው ዝም ይላል። አገልግሎቱ ይብስበታል፤ ሲብስ ሌላው ደግሞ «በዚህ ከመንገላታት ልግዛ» ይላል። ከተማዋ የገዛ ገንዘቧን እየከፈለች የራሷን መናኸሪያ ታበላሻለች።

የመናኸሪያው ሰዎች ይህን ሲያነቡ እንዳይደሰቱ። ሒሳቡ ያሸነፈላቸው አገልግሎታቸው ጥሩ ሆኖ አይደለም፤ መኪና እጅግ ውድ ስለ ሆነች ብቻ ነው። ታሪፉ በየመስመሩ በግልጽ ቢለጠፍ፣ ከወንበር በላይ የሚጭን ቢጠየቅ፣ የመጨረሻው መኪና የሚወጣበት ሰዓት ቢታወቅ፣ ለሌሊት ጉዳይ ተራ የሚገባ አንድ መኪና ከነስልክ ቁጥሩ ቢመደብ፣ ብዙው ገዢ ለመግዛት ምክንያት ያጣል። ይህ ሁሉ ሲሰላ ከአንዲት ቪትዝ ዋጋ አይበልጥም።

ያገለገለች መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ከደላላው በፊት አንድ ደብተር ይያዝ። ለሦስት ወር ለባጃጅ፣ ለሚኒባስ፣ ለጭነት፣ ለኮንትራት ያወጣውን ሁሉ ይጻፍ። ከዚያ መኪና ያለው ጓደኛው ዘንድ ሄዶ «በስንት ገዛሃት?» ማለቱን ይተውና ያለፈውን ዓመት የጋራዥ፣ የመድንና የነዳጅ ወጪ ይጠይቀው። ጓደኛው ቁጥሩን ከተናገረ ይደመር። «አልያዝኩትም» ካለ ደግሞ መልሱ ተገኝቷል፤ ያልያዘው ስለሚያስፈራ ነው።